የዱቤ ደብተር በስልክ፦ ለመተግበሪያ ሠሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

ለትናንሽ ባለሱቆች መተግበሪያ እንሥራ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ባርኮድ ማንበቢያ፣ ዕቃ መቁጠሪያ፣ ደረሰኝ ማተሚያ ነው። ዛሬ ስለ አንዳቸውም አላወራም። የማወራው ስለ ዱቤ ደብተር ነው። በመጨረሻ ጊዜ ከተረፈን ስለ መሳቢያ ቆጠራም ጥቂት እላለሁ።

ለምን ዱቤን መረጥኩ? በጥሬ ገንዘብ የተሸጠ ዕቃ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ገንዘቡ መሳቢያ ገባ፣ ዕቃው ወጣ፣ ሁለቱም ሰዎች ተለያዩ። ባይጻፍም ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዱቤ ግን አያልቅም። ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቁጥር መስማማት አለባቸው። ባለሱቁ በወረቀት የሚጽፈው ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አይተወውም። ስለዚህ መተግበሪያችሁ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ደብተሩ ምን በጎ ነገር አለው? እስቲ አስቡት። ባትሪ አያልቅበትም። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ገልጦ ለመጻፍ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ባለሱቁ ቤት ሲሄድ ልጁ ወይም ሚስቱ ያለ ሥልጠና ይጽፉበታል። ደንበኛው ራሱ አንገቱን ዘርግቶ ያየዋል። የምትሠሩት ነገር ከዚህ ሁሉ በላይ ካልሆነ፣ ባለሱቁ ለሦስት ቀን ሞክሮ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ቢመለስም ልክ ነው።

እንግዲያው ደብተሩ የሚሸነፈው የት ነው? የሚሸነፈው በከፊል ክፍያ ላይ ነው። ይህን በምሳሌ ላሳያችሁ። የምጠራው አሃዙን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን።

አንዲት ደንበኛ ሰኞ የ120 ዕቃ በዱቤ ወሰደች። ረቡዕ የ85 ወሰደች። ዓርብ 150 ከፈለች። ቅዳሜ እንደገና የ60 ወሰደች። በሚቀጥለው ማክሰኞ 100 ከፈለች። ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ምን ያደርጋል? ሰኞ 120 ይጽፋል፤ ረቡዕ ከሥሩ 85። ዓርብ 150 ሲቀበል 120ን በአንድ መስመር ይሰርዛል፤ የቀረውን 30 ከ85 ላይ ያነሳና 85ን ሰርዞ ከጎኑ 55 ይጽፋል። ቅዳሜ 60 ይጨምራል። ማክሰኞ 100 ሲቀበል 55ን ይሰርዛል፣ 45ቱን ከ60 ያነሳል፣ 60ን ሰርዞ 15 ይጽፋል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የቀረው 15 ነው።

አሁን ገጹን ተመልከቱት። በገጹ ላይ ያሉት ቁጥሮች 120፣ 85፣ 55፣ 60 እና 15 ናቸው። ደንበኛዋ የከፈለችው 150 የት አለ? የለም። 100ውስ? የለም። በገጹ ላይ ክፍያ የሚባል ነገር ተጽፎ አያውቅም፤ የተጻፈው የክፍያው ውጤት ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ዓርብ 150 ሰጥቼህ ነበር እኮ» ብትለው ባለሱቁ የሚያሳያት ስርዝ ብቻ ነው። ጠቡ የሚነሳው ማንም ሊያጭበረብር ስለፈለገ አይደለም። መዝገቡ የሆነውን ነገር ስላልያዘ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፦ አትሰርዙ። የተጻፈ መስመር አይነካም፣ አይጠፋም፣ አይታረምም። የሚደረገው አዲስ መስመር መጨመር ብቻ ነው። የዚያች ደንበኛ ገጽ በስልኩ ላይ አምስት መስመር ይሆናል፦ ወሰደች 120፣ ወሰደች 85፣ ከፈለች 150፣ ወሰደች 60፣ ከፈለች 100። ከየመስመሩ ጎን ቀሪው ይታያል፦ 120፣ 205፣ 55፣ 115፣ 15። ቀሪው ራሱን ችሎ የትም አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ ከመስመሮቹ ተደምሮ ይገኛል። ቀሪውን ለብቻው በአንድ ሳጥን አስቀምጣችሁ በየጊዜው የምታድሱት ከሆነ፣ ስልኩ መሃል ላይ በጠፋ ቀን መስመሮቹና ቀሪው ይለያያሉ፤ የቱን እንደምታምኑም አታውቁም።

ስህተት ሲገባስ? ቅዳሜ 60 በመጻፍ ፈንታ 600 ተነካ እንበል። ቀሪው 115 መሆን ሲገባው 655 ሆነ። ባለሱቁ መስመሩን ተጭኖ «ይህ ስህተት ነው» ይላል። መተግበሪያው 600ን የሚያካክስ ተቃራኒ መስመር ይጽፋል፤ ባለሱቁ ትክክለኛውን 60 እንደገና ያስገባል። ስህተቱም ማካካሻውም ደብዘዝ ብለው በገጹ ላይ ይቆያሉ። «ለምን አናጠፋውም?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደንበኛዋ 655 የሚለውን አይታ ከሆነ ምን እንደተፈጠረ የሚነገራት ከመዝገቡ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሱቁ ውስጥ ረዳት አለ። ረዳቱ ገንዘቡን ከደንበኛው ተቀብሎ፣ ኪሱ ከትቶ፣ ዕዳውን ከስልኩ ቢያጠፋ ማን ያውቃል? ደንበኛው ከፍሏልና አይከራከርም። ባለሱቁም ዕዳው እንደነበረ አያስታውስም። የማጥፊያ ቁልፍ የሠራችሁ ቀን ለዚህ በር ከፈታችሁ ማለት ነው።

በዳታቤዙ በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ከስልኩ ጋር የሚመጣው ኤስኪውላይት ይበቃል፤ አንድ ዋና ሠንጠረዥ፦

```
entries(id, customer_id, kind, amount,
        reverses_id, made_by, phone_time, seq)

SELECT SUM(amount) FROM entries WHERE customer_id = ?;
```

የተወሰደው በመደመር፣ የተከፈለው በመቀነስ ምልክት ይገባል። ሦስት ነገር ብቻ ልበል። `amount` ሙሉ ቁጥር ይሁን፤ በትንሿ የገንዘብ ክፋይ ይቀመጥ። ኮምፒዩተር አስርዮሽ ቁጥርን በተንሳፋፊ ነጥብ ሲይዝ 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.30000000000000004 ይወጣሉ፤ ባለሱቅ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ካየ ዳግመኛ አያምናችሁም። ሁለተኛ፣ የስልኩን ሰዓት አትመኑ። ባትሪው አልቆ ሲነሳ ዓመታት ወደኋላ የሚመለስ ስልክ አለ። ስለዚህ ከሰዓቱ ጋር `seq` የሚባል፣ በየምዝገባው በአንድ የሚጨምር ተራ ቁጥር ያዙ፤ ቅደም ተከተሉ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሦስተኛ፣ `id` ስልኩ ራሱ የሚፈጥረው የማይደገም መለያ ይሁን። ነገ ባለሱቁና ሚስቱ በሁለት ስልክ ቢመዘግቡ፣ ኔትወርክ ሲመጣ የሁለቱን መስመሮች ማቀላቀል ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ መለያ ያለው ሁለት ጊዜ አይገባም። መስመር የማይታረም ከሆነ የሁለት ስልኮች ግጭት የሚባለው ጣጣ አብዛኛው ከሥሩ ይጠፋል። እዩት፤ ረዳቱን ለመጠበቅ ያወጣነው ሕግ ሲንኩንም አቀለለልን።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 የቬኒስ ነጋዴዎችን የመዝገብ አያያዝ በህትመት ሲያወጣ ሦስት ደብተሮችን ነበር የገለጸው። በመጀመሪያው ማንኛውም የቤቱ ሰው ነገሩ በሆነበት ቅጽበት ጥሬውን ይጽፋል። ሁለተኛው ያንን በወግ ያሰፍራል። ሦስተኛው በየሰው ሒሳብ ይለያል። የትንሽ ሱቅ ደብተር እኮ ያ የመጀመሪያው ደብተር ነው! ሁለተኛውን ለመጻፍ ጊዜ ያለው ባለሱቅ የለም። የእናንተ ሥራ ጥሬውን መቀበልና የቀሩትን ሁለቱን ስልኩ እንዲጽፋቸው ማድረግ ነው። ባለሱቁን ወግ ያለው ደብተር ጻፍ ብላችሁ አታስጨንቁት።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ያመጣኛል፤ ፍጥነት። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ መተግበሪያ የሚሞተው እዚህ ነውና።

ባለሱቁ ሲመዘግብ ምን ላይ ነው ያለው? አንድ እጁ ዕቃ ይዟል፣ ሦስት ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ መልስ ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት «የዕቃው ስም? ብዛት? ምድብ? የነጠላ ዋጋ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ስልኩን አስቀምጦ እስክሪብቶ ያነሳል። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማን እና ስንት።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መተግበሪያው ሲከፈት በቀጥታ የደንበኞች ዝርዝር ይምጣ፤ ማስታወቂያም፣ ሰላምታም፣ የሽያጭ ሠንጠረዥም አይቅደም። ዝርዝሩ በፊደል ተራ አይሁን፤ በቅርቡ የመጡት ከላይ ይሁኑ፤ የትንሽ ሱቅ ደንበኛ ተመላላሽ ነውና። ስሙን ሲነኩ ትልልቅ ቁጥሮች ይምጡ። ከቁጥሮቹ ሥር ሁለት ሰፊ ቁልፎች፦ «ወሰደ» እና «ከፈለ»። አንዱን ሲነኩ አለቀ። አንድ ስም፣ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ፣ አንድ ቁልፍ። ሁለቱን ቁልፎች በቀለም ብቻ አትለዩአቸው፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን አለ፤ ፀሐይ ያረፈበት ስክሪን ላይ ደግሞ ቀለም ለማንም አይታይም። ቃሉ በትልቁ ይጻፍ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይሁን፤ ቦታቸውም በምንም ማሻሻያ አይቀያየር።

«እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ እባካችሁ ተዉት። በመጀመሪያው ሳምንት ያነቡታል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ሳያነብ «አዎ» ማለት ይለምዳል፣ ጥያቄውም ጥበቃነቱ ይቀራል። ይልቅ መስመሩ ወዲያው ይጻፍ፤ ከታች ለጥቂት ሰከንድ «ተሳሳትኩ» የሚል ቁልፍ ይታይ። ቁልፉ ከተነካ ያው ቀደም ያልነው ማካካሻ ይጻፋል። ምዝገባውን ጥቂት ሰከንድ አቆይተን ኋላ እንጻፈው የሚል ሐሳብም ይመጣል፤ በዚያች ሰከንድ ስልኩ ከጠፋ ዕዳው አብሮ ይጠፋልና አታድርጉት።

በፍጥነት ውስጥ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። የቅርቡ ከላይ ይሁን ብያለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩ በየምዝገባው ወዲያው ቦታ ከቀየረ፣ ባለሱቁ ሦስተኛው ላይ ያየው ስም ጣቱ ሲደርስ አራተኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዕዳው ሌላ ሰው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ዝርዝሩ እንደ አዲስ የሚደረደረው መተግበሪያው ተዘግቶ ሲከፈት ብቻ ይሁን። ስህተት የገባው ሰው ላይ ከሆነ መያዙ ምን ያህል እንደሚከብድ በኋላ ታያላችሁ።

ስምን በተመለከተ፣ የሙሉ ስም ሣጥን አታስገድዱ። ባለሱቅ ሰውን የሚያውቀው በመታወቂያ አይደለም። «የእገሌ እናት»፣ «ረጅሙ»፣ «ከላይ ፎቅ» ብሎ ነው የሚጽፈው። እሱ የጻፈው ስም ይበቃል፤ ስልክ ቁጥር ከተገኘ ይጨመር፣ ካልተገኘ ይቅር። በአማርኛ የምትሠሩ ደግሞ ፍለጋው ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንዲሁ በሁሉም ሆሄያት ቁጠሩ። ዛሬ «ጸሐይ» ብሎ የመዘገበ ሰው ነገ «ፀሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሲያጣት አዲስ ደንበኛ ብሎ ይከፍታል፤ አንዲት ሴት ሁለት ዕዳ ያላት ሁለት ሴት ትሆናለች።

አንዳንዴ ስም ለመፈለግም ጊዜ የለም። ለዚህ «ኋላ የሚሞላ» የሚል ቁልፍ ይኑር። ባለሱቁ 45 ብሎ ብቻ ያስገባል፤ መስመሩ ባለቤት ሳይኖረው ከላይ ይንጠለጠላል፤ «2 ያልተሞሉ» የሚል ጽሑፍም እስኪሞላ አይነሳ። ማታ ያስታውሰዋል። ካላስታወሰ እንኳ ስንት እንደጠፋበት ያውቃል፤ ደብተሩ ይህን አይነግረውም ነበር።

ሦስተኛ፣ ከወረቀት ወደ ስልክ መሻገር። መተግበሪያው ጥሩ ሆኖ ሳለ ባለሱቁ የማይጀምረው ለምንድነው? ከፊቱ የተከመረው አሮጌ ደብተር ስለሚያስፈራው ነው። «ይህን ሁሉ ልገለብጥ ነው?» ይላል። መልሱ አይደለም ነው። አንድም አሮጌ መስመር አይገልብጥ። የሚዛወረው ቀሪው ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ሌሊት አይደለም። ደንበኛው ሲመጣ፣ ገጹን አብረው ያያሉ፣ ይደምራሉ፣ ይስማማሉ። ከዚያ «መነሻ ቀሪ» ተብሎ አንድ መስመር ይገባል፣ የገጹ ፎቶ ከመስመሩ ጋር ይያያዛል፣ በደብተሩ ገጽ ላይ ደግሞ «ወደ ስልክ ተዛውሯል» ተብሎ ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ገጽ ላይ ምንም አይጨመርም። ለአንድ ሰው ሁለት የሚሠሩ መዝገቦች ከኖሩ አንዱ ውሸታም ይሆናል።

የዚህ አካሄድ ጥቅሙ የሚዛወረው ቁጥር ደንበኛው ያመነበት መሆኑ ነው። ባለሱቁ ብቻውን ማታ ቁጭ ብሎ ከደመረው፣ በደብተሩ ውስጥ የነበረው ስህተት ስልክ ውስጥ ገብቶ እውነት ይመስላል። ሌላም አለ። ተመላላሾቹ እየመጡ ይዛወራሉ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በደብተሩ ላይ የቀሩት ያልመጡት ሰዎች ናቸው። ያ ዝርዝር ራሱ ለባለሱቁ አዲስ እውቀት ነው፤ የማይመለስ ገንዘቡ በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባለሱቁ በደብተርም በስልክም ልጻፍ ቢል አትከልክሉት። የሠራችሁትን የሚፈትንላችሁ እሱ ነው። አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ በእነዚያ ቀናት ዋናው መዝገብ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ሌላው ማነጻጸሪያ ብቻ ነው። ማታ የሁለቱን ድምር ያስተያዩ። ካልገጠመ ምን ይደረግ? ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር መፈለግ አድካሚ ነው። ነገር ግን የልዩነቱ ቁጥር ራሱ ይናገራል።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ የአሃዝ መገለባበጥ ነው፦ 540 በደብተር፣ 450 በስልክ፤ ልዩነቱ 90፣ ለ9 ሲካፈል 10። ሌላው የዜሮ መጨመር ወይም መቀነስ ነው፦ 60 በደብተር፣ 600 በስልክ፤ ልዩነቱ 540፣ ለ9 ሲካፈል 60፤ ትክክለኛው ቁጥር ራሱ ወጣላችሁ። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል የአንድ መስመርን መጠን ከሰጠ «ወሰደ» እና «ከፈለ» ተምታተዋል፦ 75 የወሰደ ሰው 75 ከፈለ ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 150 ነው። ልዩነቱ ራሱ ከአንድ መስመር ጋር እኩል ከሆነ ያ መስመር በአንዱ ውስጥ ቀርቷል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል። እነዚህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደሉም፤ በአጋጣሚ ለ9 የሚካፈል ቁጥር ብዙ ነው። ቢሆንም ይህን ፍለጋ ለመተግበሪያው ስጡት። ባለሱቁ የደብተሩን የዕለት ድምር ያስገባ፤ ስልኩ የዕለቱን መስመሮች አይቶ «ይህን መስመር እይ» ይበለው። ሥራው ጥቂት የኮድ መስመር ነው፤ ባለሱቁን ግን ከአንድ ሰዓት ልፋት ያድነዋል።

አሁን ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ የማይያዝ አንድ ስህተት አለ። የትኛው ነው? ቀደም ያልኩት፤ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ሲጻፍ። የአንዷ 60 በጎረቤቷ ስም ገባ። አንዷ 60 ጎደለባት፣ ሌላዋ 60 በዛባት፤ ጠቅላላ ድምሩ ግን ይገጥማል። በድምር አይታይም፣ በ9 አይያዝም። ሊይዘው የሚችለው ደንበኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ነው አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያስፈልገው። መልእክትን ብዙ ሰው «ዕዳህን ክፈል» ማስባያ አድርጎ ይሠራዋል፤ እኔ ግን የመጀመሪያ ጥቅሙ ስህተት መያዝ ነው እላለሁ።

መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዛሬ 60 ወሰዱ። ጠቅላላ ቀሪ 115። ስህተት ካለ ይንገሩን።» ይህ ከ40 ፊደል አይበልጥም። ለምን ፊደል እቆጥራለሁ? በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ የየቁራጩም ክፍያ ለብቻው ይታሰባል። ሰላምታና የሱቅ ስም ስትጨምሩ በየዱቤው የሁለት መልእክት ሒሳብ ባለሱቁ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው።

ሌላ መሰናክል፦ መተግበሪያው ራሱ መልእክት እንዲልክ ፈቃድ ብትጠይቁ የጉግል ፕሌይ ሕግ ያግዳችኋል፤ ያ ፈቃድ ለጥቂት የመተግበሪያ ዓይነቶች ብቻ ነው የሚሰጠው። መፍትሔው `ACTION_SENDTO` በ`smsto:` አድራሻ መጥራት ነው። የስልኩ መልእክት መላኪያ ጽሑፉ ተሞልቶ ይከፈታል፤ ላክ የሚለውን ባለሱቁ ራሱ ይነካል። አንድ ንክኪ ይጨምራል፤ እሱ ያላየው ነገር ከስልኩ እንዳይወጣም ይጠብቃል። የስልክ ማውጫውን ለማየትም ፈቃድ አትጠይቁ፤ አያስፈልጋችሁም። ደግሞም መልእክቱ የሚደርሰው ስልክ የቤተሰብ ስልክ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ሳይፈቅድ አይላክ፤ ሲላክም የተወሰደው ዕቃ ዓይነት አይጻፍ።

ስልኩ ቢሰረቅስ? ቢሰበርስ? ደብተር ይሰረቃል፣ ውሃም ይነካዋል፤ ስልክ ግን ለሌባ ከደብተር ይልቅ ያጓጓል። መረጃው ትንሽ ነው። አንድ መስመር 200 ባይት ይውሰድ፤ በቀን 100 መስመር ቢገባ በዓመት 36,500 መስመር፣ 7.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። የአንድሮይድ ራስ-ሰር ባክአፕ ለአንድ መተግበሪያ እስከ 25 ሜጋባይት ይይዛል። ፎቶዎቹን ግን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ እነሱ ይህን ገደብ ቶሎ ይሞሉታል፤ ገደቡ ካለፈ ደግሞ ባክአፑ ይቆማል፣ ለባለሱቁም የሚነግረው የለም። ስለዚህ «መጨረሻ የተቀመጠው መቼ ነው» የሚለውን ቀን ከፊት ገጹ ላይ አሳዩት። ባክአፕ የሚታመነው ደግሞ በሌላ ስልክ ላይ ተመልሶ ሲከፈት ከታየ ብቻ ነው። ከዚህም ጋር የሁሉንም ሰው ቀሪ በአንድ ገጽ የሚያወጣ፣ ሊታተም የሚችል ዝርዝር ስጡት። ወደ ወረቀት መመለስ እንደሚችል ያወቀ ሰው ወደ ስልክ ለመምጣት አይፈራም።

ጊዜ ተርፎናል፤ ስለ መሳቢያው ልበል። ይህ ሁለተኛ ሐሳብ ነው፤ ዱቤው ከተመዘገበ በኋላ በላዩ የሚሠራ። ባለሱቁን «ዛሬ ስንት ሸጥክ?» ብትሉት አያውቅም። እያንዳንዱን የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ መዝግብ ብትሉትም አይመዘግብም። ግን መመዝገብ አያስፈልገውም! አራት ቁጥር ብቻ ይስጠን፤ የቀረውን እኛ እናወጣዋለን።

ጠዋት መሳቢያው ውስጥ 500 ነበር። ማታ ሲቆጠር 2,340 ሆነ። በቀን ውስጥ ለአከፋፋይ 900 ከመሳቢያው ተከፍሏል፤ ለቤት 150 ወጥቷል። ከዱቤ የተሰበሰበው 410 ነው፤ ይህን መተግበሪያው ቀድሞ ያውቀዋል፣ ባለሱቁን አይጠይቅም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
2340 - 500 - 410 + 900 + 150 = 2480
```

የዕለቱ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ 2,480 ነው። ዛሬ በዱቤ የወጣው 620 ከሆነ፣ እሱም በስልኩ አለ፣ የቀኑ ጠቅላላ ሽያጭ 3,100 ነው። አንድም ሽያጭ ሳይመዘገብ! ባለሱቁ ለወራት ሊያውቀው የሚፈልገው ቁጥር ከአንድ የማታ ቆጠራ ወጣ።

ነገር ግን ይህ ቁጥር ምን እንደማያውቅ በግልጽ ንገሩት። ሽያጩ የተገኘው ከቆጠራው ነው። ስለዚህ 200 ከመሳቢያ ቢጠፋ መተግበሪያው «200 ጎድሏል» አይልም፤ «ሽያጭህ 2,280 ነው» ይላል። ለቤት የወጣው 150 ሳይጻፍ ቢቀርም እንደዚያው፣ ሽያጩ የቀነሰ ይመስላል። ባለሱቁ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ያዝናል እንጂ ገንዘብ ወጣ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠፋውን ለማወቅ ለጥቂት ቀናት የጥሬ ገንዘብ ሽያጩን ለብቻው መመዝገብና ከተሰላው ጋር ማስተያየት ይጠይቃል፤ ሌላ መንገድ የለውም። በስልክ ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብም መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ ለእሱ ሁለተኛ ቆጠራ ይሁን፤ የማታውና የጠዋቱ የሒሳብ ቀሪ ይግባ፣ ስሌቱ ያው ነው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ከደባለቃችኋቸው ግን ከመሳቢያው የጎደለው በሌላው ይሸፈናል፣ ባለሱቁም የቱ ጋ እንደጎደለ አያገኘውም።

በእኔ በኩል ይህን ያህል ነው። ኮዱን ማየት የምትፈልጉ ወደዚህ ቅረቡ፤ ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ እጃችሁን አውጡ።